አንድ ዶላር ስንት ቀን ይበላል?

ኦፕሽን የሚሸጡ ሰዎች ቴታን ይወዳሉ። የግብይት መተግበሪያቸውን ሲከፍቱ ከሸጡት ውል ጎን Theta 4.04 የሚል ቁጥር ያያሉ፤ ትርጉሙም ግልጽ ይመስላቸዋል፦ ምንም ሳልሠራ በየቀኑ አራት ዶላር ይገባልኛል። አነባበቡ ጎደሎ ነው። ከቴታ አጠገብ Delta የሚል ሌላ ቁጥር ተቀምጧል፤ አራቱ ዶላር ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ የሚታወቀው ሁለቱ አብረው ሲነበቡ ነው።

አንድ ውል ይዘን እንሂድ። አክሲዮኑ ዛሬ በ100 ዶላር ይሸጣል። የምሳሌያችን ነጋዴ ሴት ናት፤ 45 ቀን የቀረው፣ የመፈጸሚያ ዋጋው 95 ዶላር የሆነ ፑት ሸጠች። ፑት ለገዢው አክሲዮኑን በ95 ዶላር የመሸጥ መብት ይሰጠዋል። ሻጯ በበኩሏ ገዢው ከመጣ በዚያው ዋጋ የመግዛት ግዴታ ትገባለች። ሥራዋ የመድን ድርጅት ሥራ ነው፦ ክፍያውን አሁን ትቀበላለች፣ አደጋው ከደረሰ ትከፍላለች። አሜሪካ ውስጥ አንድ ውል የተለመደው መጠን 100 አክሲዮን ነው። ስለዚህ በአክሲዮን 2 ዶላር ከ7 ሳንቲም ስትሸጥ 207 ዶላር እጇ ይገባል። ግዴታዋን ሙሉ በሙሉ በጥሬ ገንዘብ ልትሸፍን ከፈለገች ደግሞ 9,500 ዶላር ታስቀምጣለች።

ዋጋው የወጣው ፊሸር ብላክና ማይረን ሾልስ በ1973 ባሳተሙት ቀመር ነው። የቺካጎው የኦፕሽን ገበያ የተከፈተውም በዚያው ዓመት ነበር። ለማቅለል ወለድን ዜሮ አድርገናል፤ አክሲዮኑ በዓመት 30 በመቶ ያህል ይዋዥቃል ብለን ገምተናል። ይህን ግምት አስታውሱት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ዴልታ የሚለካው አክሲዮኑ በአንድ ዶላር ሲንቀሳቀስ የውሉ ዋጋ በስንት እንደሚንቀሳቀስ ነው። የዚህ ፑት ዴልታ 0.29 ነው (ለገዢው በመቀነስ ምልክት ይጻፋል፤ ለሻጯ ምልክቱ ይገለበጣል)። በ100 ሲባዛ ነጋዴዋ 29 አክሲዮን በእጇ የያዘች ያህል ናት ማለት ነው። አክሲዮኑ አንድ ዶላር ከወረደ 29 ዶላር ገደማ ታጣለች፣ አንድ ዶላር ከወጣ ያንኑ ያህል ታገኛለች። ብዙዎች ዴልታን እንደ ዕድል ያነቡታል፤ አክሲዮኑ በማብቂያው ቀን ከ95 በታች የመገኘቱ ዕድል 29 በመቶ ነው ይላሉ። በቀመሩ ግን ያ ዕድል 33 በመቶ ነው። ለግምት ያህል ቅርብ ነው እንጂ አንድ አይደለም።

ቴታ ደግሞ ሌላው ሁሉ ባለበት ቢቆም አንድ ቀን ብቻ ሲያልፍ ውሉ ስንት እንደሚረክስ ይናገራል። እዚህ አራት ሳንቲም፣ በውል አራት ዶላር ነው። ለገዢው ኪሳራ፣ ለሻጯ ገቢ።

አሁን አንዱን ለሌላው እናካፍል። 29 ለ4 ሲካፈል ሰባት ይሆናል። አክሲዮኑ አንድ ዶላር ሲወርድ የሰባት ቀን ቴታ ይበላል ማለት ነው። አንድ ዶላር ደግሞ ለዚህ አክሲዮን ትልቅ እንቅስቃሴ አይደለም። በዓመት 30 በመቶ የሚዋዥቅ አክሲዮን በአንድ የግብይት ቀን ወደ 1.9 በመቶ ቢንቀሳቀስ የተለመደ ነው (30ን ለ252 የግብይት ቀናት ስኩዌር ሩት ማካፈል ነው)። ስለዚህ በተራ ቀን የነጋዴዋ ሂሳብ 55 ዶላር ያህል ወዲህና ወዲያ ሲል ቴታ አራት ዶላር ይጨምርላታል። ጊዜን ሸጥኩ የምትለው ነጋዴ፣ ከቀን ወደ ቀን ሲታይ፣ በዋናነት አክሲዮን የያዘች ሰው ናት።

እንግዲያው ዴልታውን ቆርጦ መጣል ይቻላል? ይቻላል፤ ትልልቆቹ አሻሻጮች በየቀኑ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። 29 አክሲዮን ተበድራ ብትሸጥ ፑቱ የሚያጣውን የተሸጠው አክሲዮን ይመልሰዋል፤ ዴልታዋም ዜሮ ይሆናል። ታዲያ አራቱ ዶላር ነጻ ገንዘብ ሆኑ? አልሆኑም፤ ዴልታ ራሱ ይንቀሳቀሳልና። አክሲዮኑ ወደ 97 ከወረደ ዴልታው 0.40 ይደርሳል፣ 103 ከወጣ ወደ 0.21 ይቀንሳል። ይህን የዴልታ መለዋወጥ የሚለካው ጋማ ነው። ሲወርድ 29 አክሲዮን አይበቃትም፣ ሲወጣ ይበዛባታል። ወደየትም ቢሄድ ትጎዳለች፤ ትልቅ ከሄደ ጉዳቱ በፍጥነት ያድጋል። ሂሳቡ ሲሠራ ድንበሩ 1 ዶላር ከ57 ሳንቲም ላይ ይወድቃል፦ አክሲዮኑ በአንድ ቀን ከዚያ ያነሰ ከተንቀሳቀሰ ቴታው ያሸንፋል፣ ከዚያ ከበለጠ ጋማው። ይህ ቁጥር እንዲያው የመጣ አይደለም። ዓመታዊው 30 በመቶ በ365 ቀን ሲከፋፈል የሚሰጠው የቀን እንቅስቃሴ ነው። ቴታ እንግዲህ ገበያው ለሚጠብቀው እንቅስቃሴ በቅድሚያ የተከፈለ ዋጋ ነው። ሻጯ የምታተርፈው አክሲዮኑ ከተጠበቀው በታች ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው።

ስለ ጊዜ መሸርሸር በብዛት የሚነገረው «በመጨረሻው ወር ይፈጥናል» የሚለው ነው። እውነትነቱ የመፈጸሚያ ዋጋው አክሲዮኑ ካለበት ዋጋ አጠገብ ለሆነ ውል ነው። በምሳሌያችን አክሲዮኑ 100 ላይ እንደቆመ ቢቆይ የ95ቱ ፑት ቴታ 45 ቀን ሲቀረው 4 ዶላር፣ 21 ቀን ሲቀረው 5 ዶላር፣ ሰባት ቀን ሲቀረውም ከ5 ብዙ ያልራቀ ነው። ሦስት ቀን ሲቀረው ወደ 3 ዶላር ይወርዳል፤ ምክንያቱም ከውሉ የቀረው ዋጋ በጠቅላላው ሦስት ዶላር ነው። የሚሸረሸር ነገር ከሌለ ፍጥነት የሚባል ነገር የለም።

ከዚህ በኋላ የማካፈል ዘዴያችንም ማታለል ይጀምራል። ሰባት ቀን ሲቀረው ዴልታው 0.10 ገደማ ነው፤ አንድ ዶላር የሚበላው የሁለት ቀን ቴታ ብቻ ነው ማለት ነው። ከሰባት ወደ ሁለት! የተሻለ ቦታ ላይ የደረሰች ይመስላል። ዴልታው ትንሽ የሆነው ግን አክሲዮኑ 100 ላይ እስከቆመ ድረስ ነው። እኔ በበኩሌ በዚህ ደረጃ ላይ ሌላ ጥያቄ ይሻላል እላለሁ፦ ከዚህ በኋላ የማገኘው ስንት ነው፣ አክሲዮኑ ነገ ጠዋት አምስት ዶላር ቢወርድስ የማጣው ስንት ነው?

በመጀመሪያው ቀን የሚገኘው 207፣ የሚታጣው 192 ዶላር ያህል ነው። 21 ቀን ሲቀር ውሉ ወደ 98 ዶላር ረክሷል፤ ስለዚህ የቀረው ትርፍ 98 ነው፣ የአምስት ዶላሩ ውድቀት ግን 175 ያስከፍላል። ሰባት ቀን ሲቀር 21 ዶላር ለማግኘት 136 ዶላር ታጋልጣለች፤ 9,500 ዶላሯም እንደታሰረ ነው። ብዙ ሻጮች ግማሹን ትርፍ ሲያገኙ፣ ወይም 21 ቀን ገደማ ሲቀር ውሉን መልሰው ገዝተው የሚወጡት በዚህ ሂሳብ ነው። አንዳንዶቹም ውሉን እንደሸጡ ወዲያው በ1 ዶላር ከ3 ሳንቲም የመልሶ መግዣ ትእዛዝ አስገብተው ስክሪኑን ይዘጋሉ።

ቅድም ያቆየነው ግምት እዚህ ይመለሳል። እነዚህ ቁጥሮች ሁሉ ገበያው የሚጠብቀው መዋዠቅ 30 በመቶ ላይ ይቆያል ብለው የተሰሉ ናቸው። ገበያ ሲደነግጥ አይቆይም። በፌብሩዋሪ 5 ቀን 2018 ኤስ ኤንድ ፒ 500 በአንድ ቀን 4.1 በመቶ ወረደ፤ የሚጠበቀውን መዋዠቅ የሚለካው ቪክስ በበኩሉ ከ17 ወደ 37 ዘለለ። በእኛ ፑት ላይ ግምቱ ከ30 ወደ 40 ቢወጣ፣ አክሲዮኑ አንድ ሳንቲም ሳይነቃነቅ እንኳ፣ ነጋዴዋ 125 ዶላር ገደማ ታጣለች። የሠላሳ አንድ ቀን ቴታ ነው። የሚብሰው ደግሞ የዋጋ ውድቀትና የግምቱ መናር አብረው መምጣታቸው ነው፤ ዴልታውን አይታ የሠራችው ሂሳብ በዚያን ቀን ከእውነተኛው ኪሳራ ያነሰ ይሆንባታል።

የቅዳሜና የእሑድን ቴታ ሰብስባለሁ ብሎ ዓርብ ከሰዓት የሚሸጥ ሰውም አለ። ዋጋ አቅራቢዎቹ ሰኞ እንደሚመጣ ያውቃሉ፤ የሁለቱን ቀን መሸርሸር ብዙውን ጊዜ ዓርብ ሳያልቅ ከዋጋው ላይ ይቀንሱታል።

ክፉውን መንገድ ደግሞ እንየው። 21 ቀን ሲቀር አክሲዮኑ 95 ላይ ተቀምጧል። ውሉ 273 ዶላር ሆኗል፤ ነጋዴዋ 24 ቀን ቴታ ሰብስባ 66 ዶላር ከስራለች። ዴልታው 49፣ ቴታው 6 ዶላር ተኩል ነው። በዚህ ሰዓት ብዙዎች የሚያደርጉት «ሮል» ማድረግ ነው፦ ይህን ውል መልሶ ገዝቶ፣ በዚያው በ95፣ 45 ቀን የቀረውን ሌላ ፑት መሸጥ። አዲሱ 399 ዶላር ስለሚያወጣ በሂሳቧ 126 ዶላር ይገባል፤ ደስ ይላል። ነገር ግን ዴልታው ከ49 ወደ 48 ብቻ ነው የወረደው፣ ቴታው ግን ወደ 4 ዶላር ከ40 ሳንቲም አነሰ። ቀድሞ ሰባት ቀን ተኩል የሚበላው አንድ ዶላር አሁን አሥራ አንድ ቀን ይበላል። ጊዜ ጨመረች እንጂ አደጋዋን አልቀነሰችም።

ዴልታውን በእርግጥ ለመቀነስ ከፈለገች የመፈጸሚያ ዋጋውን ወደ 90 ማውረድ አለባት። ያኔ ዴልታው ወደ 29 ይመለሳል፤ አዲሱ ፑት የሚሸጠው ግን በ189 ዶላር ስለሆነ 84 ዶላር ከኪሷ ጨምራ ትከፍላለች።