ተረትና እውነታ፦ የስፕሪንት ቦርድን ከቀኝ ወደ ግራ ማንበብ

ስፕሪንቱ ከተጋመሰ በኋላ ጠዋት ጠዋት አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ «የያዝነው ሥራ በጊዜው ያልቃል ወይ?» መልሱ ቦርዱ ላይ አለ። ብዙ ቡድኖች ግን ቦርዱን የሚያነቡት ከግራ፣ ገና ካልተጀመረው ሥራ ተነስተው ስለሆነ መልሱ ያመልጣቸዋል።

አራት ዴቨሎፐሮችና አንዲት ቴስተር ያሉትን ቡድን እንውሰድ። ስፕሪንቱ 10 የሥራ ቀን ነው፤ በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ የተሠራው ለደንበኛ ስለሚታይ ሥራው በዚያ ቀን እኩለ ቀን ላይ ይቆማል። ቡድኑ 12 ካርድ ይዟል። የስፕሪንቱ ዓላማ ወላጆች የልጆቻቸውን የትምህርት ቤት ክፍያ በስልክ ከፍለው ወዲያው ደረሰኝ እንዲደርሳቸው ማድረግ ነው። በሰባተኛው ቀን ጠዋት ቦርዱ እንዲህ ይታያል፦

```
To Do         1
In Progress   3
Code Review   2
Testing       2
Done          4
```

ተረት፦ «ያልተጀመረው አንድ ካርድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሊያልቅልን ነው»

ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ይህ እምነት ነው። ግራው ዓምድ ባዶ ለመሆን መቃረቡ የሚነግረን ሰዎቹ ሥራ መጀመራቸውን ነው። ስለመጨረስ ማወቅ የፈለገ ሰው ወደ Done ሄዶ፣ ካርዶቹ እዚያ የሚደርሱት በምን ፍጥነት እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

በዚህ ቡድን ቦርድ ላይ የመጀመሪያው ካርድ ወደ Testing የገባው በሦስተኛው ቀን ነው። ከዚያ እስከ ስድስተኛው ቀን ማብቂያ፣ በአራት ቀን ውስጥ፣ አራት ካርዶች አለቁ። ስለዚህ የቴስተሯ ፍጥነት በቀን አንድ ካርድ ያህል ነው። ስህተት ተገኝቶበት ወደ ዴቨሎፐሩ የተመለሰ፣ ከዚያም እንደገና የተፈተሸ ካርድም በዚሁ ውስጥ ተቆጥሯል። አሁን የቀረው ጊዜ ሦስት ቀን ተኩል ነው። ሁሉም ነገር ቢሳካ ሦስት፣ ግፋ ቢል አራት ካርድ ይጨመራል። 12 የተባለው ሥራ ሰባት ወይም ስምንት ላይ ሊቆም ነው ማለት ነው። ቡድኑ ባለፉት ሦስት ስፕሪንቶች የጨረሰው ሰባት፣ ዘጠኝና ስምንት ካርድ ከነበረ ደግሞ ግምቱ ከታሪኩ ጋር ይገጥማል።

ይህን ለማወቅ ስለ In Progress ምንም መጠየቅ አላስፈለገም። ሥራው የሚያልፍበት ጠባብ በር Testing ስለሆነ፣ ከበሩ በስተግራ የቱንም ያህል ቢሯሯጡ በቀን የሚያልፈው ያው አንድ ካርድ ነው። እንዲያውም ዴቨሎፐሮቹ «እጃችን ባዶ አይሁን» ብለው የመጨረሻውን ካርድ ከ To Do ቢያነሱ በሩ ላይ የሚጠብቀው ወረፋ ይረዝማል እንጂ የሚያልቀው አይጨምርም።

ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠው ሕግ ይህንኑ በአማካይ ያስቀምጠዋል፤ አንድ ካርድ የሚወስደው ጊዜ በእጅ ያለው የካርድ ብዛት በቀን ለሚያልቀው ብዛት ሲካፈል የሚገኘው ነው። እዚህ ሰባት ካርድ ተጀምሮ በቀን አንድ ይወጣል፤ ስለዚህ የአንድ ካርድ አማካይ ቆይታ ወደ ሰባት ቀን ይጠጋል። ሕጉ የተረጋጋ አካሄድን ስለሚጠይቅ ለአንድ ስፕሪንት ረቂቅ ግምት ብቻ ይሰጣል። ሆኖም የቀረው ሦስት ቀን ተኩል ለሆነ ቡድን ረቂቁም ይበቃል።

ተረት፦ «ይሄ ካርድ 80 በመቶ አልቋል»

የካርድ ግማሽ የለም። ቦርዱ የሚያውቀው ያለቀና ያላለቀ ብቻ ነው፤ ጂራም በርንዳውን ግራፉ ላይ የሚቀንሰው ካርዱ የመጨረሻው ቀኝ ዓምድ ሲደርስ ነው። 80 በመቶ የሚለው ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚሰላው ከተጻፈው ኮድ ነው። ሪቪው፣ ፍተሻና የሚመለስ ስህተት ግን ገና አልተቆጠሩም።

ከመቶኛው ይልቅ የካርዱን ዕድሜ መመልከት ይጠቅማል። እስካሁን ያለቁት የዚህ ቡድን ካርዶች ከተጀመሩ በኋላ እስኪያልቁ ድረስ ሦስት ወይም አራት ቀን ፈጅተዋል። ከሦስቱ የ In Progress ካርዶች አንዱ ግን እዚያው ዓምድ ላይ አምስት ቀን ሆኖታል፤ ኮዱ እንኳ ገና ለሪቪው አልቀረበም። ጂራ ላይ ካርዱ በዓምዱ የቆየበትን ቀን በነጥቦች የሚያሳይ ቅንብር ስላለ ይህን ለማየት ስብሰባ አያስፈልግም። እንዲህ ያረጀ ካርድ ሲገኝ «ስንት በመቶ ቀረው?» ብሎ መጠየቅ ትርፉ ሌላ መቶኛ መስማት ነው። «ምን ያዘው?» የሚለው ጥያቄ ነው መልስ የሚያመጣው። እዚህ የተገኘው መልስ ባንኩ የሙከራ አካውንት እስካሁን አለመስጠቱ ነው።

ተረት፦ «በርንዳውኑ ከመስመሩ በታች ነው፤ ደህና ነን»

በርንዳውኑ የወረደው ሥራ ስላለቀ ነው ወይስ ካርድ ከስፕሪንቱ ስለወጣ? ሁለቱም ግራፉን እኩል ያወርዱታል። ስፕሪንቱ ከተጀመረ በኋላ የገባን ካርድ ጂራ በስፕሪንት ሪፖርቱ ላይ በኮከብ ምልክት ስለሚለየው፣ የወጣውንም ለብቻው ስለሚዘረዝር ማጣራት ቀላል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት መስመሩ ጠፍጣፋ መሆኑ ደግሞ ብቻውን አያስደነግጥም፤ ካርድ ተጀምሮ እስኪያልቅ ሦስት ቀን በሚፈጅበት ቡድን ከዚያ በፊት የሚወርድ ነገር አይኖርም።

ተረት፦ «ብዙ ካርድ ከጨረስን ስፕሪንቱ ተሳክቷል»

በ2020ው የስክረም ጋይድ መሠረት ስፕሪንት ባክሎጉ የታሰረበት ቃል የስፕሪንቱ ዓላማ ነው። ስለዚህ ከብዛት ቀጥሎ «ዓላማውን የያዘው የትኛው ካርድ ነው?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። በምሳሌያችን አምስት ቀን የቆየው ካርድ የባንኩን የክፍያ ማረጋገጫ የሚቀበለው ነው። እሱ ካልደረሰ ሌሎቹ 11 ካርዶች ቢያልቁ እንኳ ወላጁ ከፍሎ ደረሰኝ አያገኝም።

ለዚህ ካርድ ከመጨረሻው ወደ ኋላ እንቁጠር። ሥራው የሚቆመው በአሥረኛው ቀን እኩለ ቀን ነው። ፍተሻው አንድ ቀን፣ ሪቪው ግማሽ ቀን ይፈልጋል። ስህተት ቢገኝ ለማረም መጠባበቂያ ሳይያዝ እንኳ ኮዱ እስከ ስምንተኛው ቀን ማብቂያ መጠናቀቅ አለበት። ዛሬ ሰባተኛው ቀን ነው፤ የሙከራ አካውንቱ ነገ ጠዋት ካልተገኘ ዓላማው በዚህ ስፕሪንት አይደረስም።

ስለዚህ ዛሬ የሚደረገው ግልጽ ነው። To Do ላይ ያለው ካርድ አይነካም። አንዱ ዴቨሎፐር ሪቪው የሚጠብቁትን ሁለት ካርዶች እስከ ምሳ ሰዓት ይጨርሳል፤ ሌላው ራሱ ያልጻፈውን ካርድ ወስዶ ከቴስተሯ ጎን ይፈትሻል። በሩ በዚህ መንገድ ሲሰፋ Testing እና Code Review ላይ ያሉት አራቱ ካርዶች ሊያልቁ ይችላሉ፤ ከ In Progress ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ሊጨመሩ ይችላሉ። የክፍያ ማረጋገጫውን ካርድ የያዘው ዴቨሎፐር ባንኩን ያሳድዳል። ፕሮዳክት ኦውነሯም የማሳያውን ቀን ሳትጠብቅ ዛሬውኑ እንዲህ ትሰማለች፦ «ስምንት ካርድ እናደርሳለን፤ ሁለት ሊጨመር ይችላል። ክፍያው የሚደርሰው የባንኩ አካውንት እስከ ነገ ጠዋት ከተገኘ ብቻ ነው። ባንኩ ውስጥ የሚሰማሽ ሰው ካለ አሁን ደውዪለት።»