ግማሹ ተከፍሎ ግማሹ የቀረ ደመወዝ

ጥቅል ጥያቄ የሚባለው ብዙ ትናንሽ ሥራዎች በአንድ መልእክት ታስረው ወደ ሌላ ሲስተም ሲላኩ ነው። የወር ደመወዝ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። የድርጅቱ ሒሳብ ክፍል የሠራተኞቹን ስም፣ የሒሳብ ቁጥርና የተጣራ ክፍያ በአንድ ፋይል አዘጋጅቶ ለባንኩ ይልካል። ለላኪው ይህ አንድ ሥራ ነው፤ አንድ ጊዜ ይፈረምበታል፣ አንድ ጊዜ ይላካል። ለባንኩ ግን በፋይሉ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ መስመር ራሱን የቻለ ክፍያ ነው። አንዱ ሲሳካ ሌላው ሊወድቅ ይችላል፤ የአንዱ መውደቅም የተሳካውን አይመልሰውም።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ልዩነት ነው። የ240 ሠራተኞች ደመወዝ ያለበት ፋይል ተልኮ፣ ባንኩ መልስ እየሰጠ ሳለ ግንኙነቱ መሀል ላይ ተቋረጠ እንበል። እስከዚያ ድረስ 171 ክፍያዎች መፈጸማቸው ተረጋግጧል፤ 12ቱ ተመላሽ ተደርገዋል፤ ስለ ቀሪዎቹ 57 ግን ምንም መልስ አልመጣም። ፋይሉ እንዳለ ድጋሚ ቢላክ 171 ሰዎች ሁለት ጊዜ ሊከፈላቸው ይችላል። ሰው ሒሳብ ውስጥ የገባ ገንዘብ ደግሞ በደብዳቤ አይመለስም፤ ብዙ ጊዜ ከሚቀጥለው ወር ደመወዝ ተቆራጭ ይሆናል፣ ሠራተኛው ባላጠፋው ጥፋት ቤተሰቡ ይቸገራል። ፋይሉ ጭራሽ ሳይላክ ቢቀር ደግሞ የቤት ኪራይ የሚጠብቀው ሰው ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ መላክ ያለበት ቀሪው ብቻ ነው። ቀሪው የትኛው እንደሆነ መለየት ግን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ከቆመበት መቀጠልን ነው፤ 183 መስመሮች መልስ ካገኙ ከ184ኛው መስመር ይጀመር የሚል ሐሳብ። ይህ የሚሠራው ተቀባዩ ሲስተም መስመሮቹን አንድ በአንድ፣ በተጻፉበት ቅደም ተከተል የሚፈጽም ከሆነ ብቻ ነው። አብዛኞቹ እንዲህ አይሠሩም። ፍጥነት ለማግኘት ብዙ መስመሮችን ጎን ለጎን ያስኬዳሉ፤ በራሱ ባንክ ውስጥ ያለ ሒሳብ ቶሎ ሲያልቅ ወደ ሌላ ባንክ የሚሄደው ይዘገያል። ስለዚህ 200ኛው መስመር ተከፍሎ 40ኛው ገና በመንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። የመስመር ቁጥር ሌላም ድክመት አለው፦ አንድ ሰው ፋይሉን ከፍቶ በፊደል ተራ ቢደረድረው ወይም አንድ መስመር ቢሰርዝ፣ 184ኛው መስመር ትላንት የነበረው ሰው አይደለም።

ለዚህ ነው እያንዳንዱ ክፍያ ከመላኩ በፊት የራሱ መለያ ሊኖረው የሚገባው። ከ2004 ጀምሮ የወጣውና ባንኮች የሚጠቀሙበት ISO 20022 የተሰኘው የመልእክት ደረጃ ለዚህ `EndToEndId` የሚባል ቦታ አለው፤ እስከ 35 ሆሄያት ይይዛል፣ ከላኪው ተነሥቶም ከክፍያው ጋር እስከ ተቀባዩ ድረስ ይጓዛል። ጥሩ መለያ ከሥራው ከራሱ ይወጣል። የ2018 ዓ.ም. የጥቅምት ደመወዝ ለሠራተኛ ቁጥር 147 ቢባል፣ `SAL-2018-02-E0147` የሚል መለያ ማንም፣ መቼም ቢያዘጋጀው ያው ነው። በተላከ ቁጥር አዲስ የዘፈቀደ ቁጥር የሚፈጥር ፕሮግራም ግን ሁለተኛውን ሙከራ ባንኩ እንደ አዲስ ክፍያ እንዲያየው ያደርጋል፤ ሁለት ጊዜ መክፈልን ለመከላከል የተሠራውን አጥር በገዛ እጁ ያፈርሳል።

ከመለያው ጋር የሁኔታ መዝገብ ያስፈልጋል። መዝገቡ ላይ "ተልኳል" የሚለው የሚጻፈው ፋይሉ ከመውጣቱ በፊት ነው። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ፣ ማለትም መጀመሪያ ተልኮ ከዚያ ቢጻፍ፣ በሁለቱ መካከል መብራት ቢጠፋ የተላከው ክፍያ በመዝገቡ ላይ እንዳልተላከ ሆኖ ይቀራል። ቀድሞ ከተጻፈ ግን ሊፈጠር የሚችለው ስሕተት ያልተላከን ተልኳል ማለት ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ በመጠየቅ የሚጣራ ነው።

```
SAL-2018-02-E0147   SENT
SAL-2018-02-E0148   PAID
SAL-2018-02-E0149   RJCT AC04
```

ከሦስቱ መስመሮች አደገኛው የመጀመሪያው ነው። ተልኳል፣ መልስ ግን የለውም። የመልስ አለመምጣት ክፍያው አልተፈጸመም ማለት አይደለም። ጥያቄው ባንኩ ሳይደርስ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ደርሶ፣ ተከፍሎ፣ መልሱ ሲመለስ ጠፍቶም ሊሆን ይችላል። ከላኪው ወገን ሲታዩ ሁለቱ ፍጹም አንድ ናቸው። መልስ ያላገኙትን ሁሉ "ያልተሳካ" በሚለው ክምር ውስጥ መጨመር በዚህ ሥራ ላይ በጣም የተለመደውና ብዙ ገንዘብ የሚያስከፍለው ስሕተት ነው። ስለዚህ ክምሮቹ ሁለት ሳይሆኑ ሦስት ናቸው፦ የተፈጸመ፣ ተመላሽ የሆነና ያልታወቀ።

የጥቅሉ ጠቅላላ መልስ ይህን ክፍፍል ብዙ ጊዜ ይሸፍነዋል። በ ISO 20022 ባንኩ በሚመልሰው `pain.002` በተባለው የሁኔታ መልእክት ላይ የጥቅሉ ሁኔታ `PART` ተብሎ ሊመጣ ይችላል፤ ትርጉሙ በከፊል ተቀባይነት አግኝቷል ነው። የትኛው ክፍል እንደሆነ የሚታወቀው ግን ወደ ውስጥ ተገብቶ የእያንዳንዱ ክፍያ ሁኔታ ሲነበብ ነው። ከባንክ ውጭም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። አማዞን ለፕሮግራም ሠሪዎች በሚያከራየው ዳይናሞዲቢ በተባለው የመረጃ ቋት ላይ በአንድ `BatchWriteItem` ጥያቄ እስከ 25 መዝገቦች መጻፍ ወይም መሰረዝ ይቻላል። ሲስተሙ ከተጨናነቀ የቻለውን ጽፎ፣ የቀረውን `UnprocessedItems` በሚል ዝርዝር ይመልሳል፤ ጥያቄው ራሱ ግን የተሳካ ሆኖ ነው የሚታየው። የመልሱን ርእስ ብቻ አይቶ የሚያልፍ ፕሮግራም ያን ዝርዝር ሳይከፍት ይጥለዋል፤ የጎደሉት መዝገቦችም የሚታወቁት ከብዙ ቀናት በኋላ አንድ ሰው ሲፈልጋቸው ነው።

ወደ ደመወዙ ስንመለስ፣ ቅድሚያ የሚሰጠው ለ57ቱ ያልታወቁ ክፍያዎች ነው። እነዚህ ወዲያው አይላኩም፤ መጀመሪያ ባንኩ በመለያቸው ይጠየቃል። መልሱ ሲመጣ 38ቱ ተከፍለው ተገኙ፤ 19ኙ ደግሞ "አይገኝም" ተባለ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። "አይገኝም" የሚለው መልስ ግንኙነቱ ከተቋረጠ ከደቂቃ በኋላ ከመጣ፣ ክፍያው በባንኩ ውስጥ ተራ እየጠበቀ ገና ያልተመዘገበ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ትንሽ ቆይቶ እንደገና መጠየቅ ይበጃል። 19ኙ በመጨረሻ ሲላኩም በዚያው በፊተኛው መለያቸው ይላካሉ። የፊተኛው ጥያቄ ዘግይቶ ቢደርስ እንኳ፣ ባንኩ ተደጋጋሚ መለያን የሚለይ ከሆነ ሁለተኛውን ያስቀረዋል። የሚቀየረው የፋይሉ የራሱ መለያ ነው፤ ፖስታው አዲስ፣ ውስጡ ያለው ደብዳቤ ግን የፊተኛው ነው።

ይህ መከላከያ ዕድሜ አለው። ተቀባዩ ያያቸውን መለያዎች ለዘላለም አያስታውስም። ለምሳሌ ስትራይፕ የተባለው የክፍያ ድርጅት መለያዎቹን ቢያንስ 24 ሰዓት ከቆዩ በኋላ ከመዝገቡ ሊያጠፋቸው እንደሚችል በመመሪያው ይገልጻል። ዓርብ ማታ የተቋረጠ ሥራ ሰኞ ጠዋት "መለያው ያው ስለሆነ ችግር የለውም" ተብሎ ሳይጠየቅ ቢላክ፣ አጥሩ በእሑድ ፈርሶ ሊሆን ይችላል። ከመላክ በፊት መጠየቅ የሚያስፈልገው በዚህም ምክንያት ነው።

12ቱ ተመላሾች ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። ባንኩ ከእያንዳንዱ ጋር የምክንያት ኮድ ልኳል። አራቱ `AC01` ማለትም የተሳሳተ የሒሳብ ቁጥር፣ አንዱ `AC04` ማለትም የተዘጋ ሒሳብ፣ ሰባቱ `AB08` ማለትም የተቀባዩ ባንክ በሰዓቱ መስመር ላይ አልነበረም የሚሉ ናቸው። ሰባቱ ጊዜ ብቻ ነው የሚያስፈልጋቸው። አምስቱ ግን መቶ ጊዜ ቢላኩም መቶ ጊዜ ይመለሳሉ፤ የሚያስፈልጋቸው ሠራተኛውን ጠርቶ ደብተሩን የሚያይ ሰው ነው። በእነዚህ አምስት ላይ በየደቂቃው የሚደጋግም ፕሮግራም ለማንም አይጠቅምም፤ እንዲያውም የሚሰለፉትን ጤነኛ ክፍያዎች ያዘገያል።

ጊዜ ለሚፈልጉት የሚሰጠው ፋታ በየሙከራው እየረዘመ መሄድ አለበት፦ አንድ ደቂቃ፣ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት እያለ። በዚያ ላይ ትንሽ የዘፈቀደ ልዩነት ይጨመርበታል። ምክንያቱም ባንኩ ሲመለስ በሩ ላይ የቆመው ይህ ድርጅት ብቻ አይደለም፤ ሁሉም በእኩል ሰዓት ቢያንኳኳ የተነሣው ሲስተም ተመልሶ ይወድቃል። የሙከራው ብዛትም ገደብ ይኑረው። ገደቡ ሲያልፍ ክፍያው ወደ ሰው እጅ ይሻገራል።

ተመላሽ የሆኑት ሲላኩ ግን የመለያው ደንብ ይገለበጣል። በቁርጥ ተመላሽ የሆነ ክፍያ ያለቀ ጉዳይ ስለሆነ፣ አዲሱ ሙከራ `SAL-2018-02-E0149-2` ተብሎ የሙከራ ቁጥር ይጨመርለታል። አንዳንድ ሲስተሞች አንድን መለያ ድጋሚ ሲያዩ ሥራውን ሳይጀምሩ የፊተኛውን መልስ መልሰው ይልካሉ፤ በዚያው መለያ ቢላክ ሒሳቡ የተስተካከለለት ሠራተኛ የድሮውን እምቢታ ይቀበላል። ባጭሩ፣ ያልታወቀ በፊተኛው መለያው፣ በእርግጥ የተመለሰ በአዲስ። ሁለቱን ማደባለቅ በአንድ በኩል ድርብ ክፍያ፣ በሌላ በኩል ፈጽሞ የማይከፈል ደመወዝ ያመጣል።

ሁለተኛው ጥቅል እንግዲህ 19ኙንና ሰባቱን፣ በድምሩ 26 ክፍያዎችን ይዞ ይወጣል። ሁሉም ከተሳኩ 171፣ 38 እና 26 ተደምረው 235 ይሆናሉ፤ ከአምስቱ ጋር 240 ይሞላል። ቁጥሩ መሙላቱ ብቻ ግን አይበቃም፣ የብሩም ድምር ከደመወዝ መዝገቡ ጋር መግጠም አለበት። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተከፍሎት ሌላው ቢዘለል ብዛቱ 240 ሆኖ ይታያል፤ የሁለቱ ደመወዝ እኩል ከሆነ ደግሞ ብሩም ይገጥማል። ስለዚህ የመጨረሻው ማመሳከሪያ በመለያ ነው፦ እያንዳንዱ የሠራተኛ ቁጥር በተከፈሉት ዝርዝር ውስጥ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ መገኘቱ ይታያል። የባንክ መግለጫው ጥቅሉን በአንድ ድምር ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ለዚህ አያገለግልም፤ የየክፍያው የሁኔታ መልእክት ያስፈልጋል።

ከአምስቱ ውስጥ አራቱ የሒሳብ ቁጥራቸው ታርሞ በማግስቱ ተከፈሉ እንበል። ሒሳቡ የተዘጋበት ሠራተኛ አዲስ ሒሳብ እስኪያመጣ ድረስ ግን መዝገቡ አይዘጋም። የእሱ መስመር ከነምክንያቱ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ገንዘቡም በድርጅቱ መጽሐፍ ላይ ገና ያልተከፈለ ዕዳ ሆኖ ይታያል።