አብሮ ኮድ የሚጽፍ ፈታኝ

በአንዳንድ የሶፍትዌር ድርጅቶች የቅጥር ፈተና ላይ ፈታኙ ጥያቄ ሰጥቶ ዝም አይልም፤ ከአመልካቹ ጎን ተቀምጦ አብሮ ይሠራል። ሁለት ሰው አንድን ኮድ አብሮ የመጻፍ ልማድ በሰፊው ከታወቀባቸው መጻሕፍት አንዱ ኬንት ቤክ እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ ኤክስትሪም ፕሮግራሚንግ ያሳተመው ነው። አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው አካሄዱን ይከታተላል። በእንዲህ ያለ ፈተና ከመልሱ ባልተናነሰ የሚመዘነው፣ አመልካቹ የሌላ ሰው ሐሳብ ሲቀርብለት የሚያደርገው ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሥራው ተደግሞ የመጣ የክፍያ ትእዛዝን የሚጥል ፕሮግራም መጻፍ ነው እንበል። አመልካቿ ያለፉትን የትእዛዝ ቁጥሮች በዝርዝር ታስቀምጣለች፤ አዲስ በመጣ ቁጥር ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ታስሳለች። ፈታኙ «ትእዛዞቹ 100,000 ቢሆኑስ?» ይላታል።

ይህ ፍንጭ ነው። ቁጥሮቹ ሁሉ የተለያዩ ከሆኑ ፕሮግራሙ 5 ቢሊዮን ያህል ጊዜ ማወዳደር ይኖርበታል። «ግን ይሠራል» ብሎ መከራከር ፍንጩን ያባክናል፤ ሳይገባ እሺ ብሎ ሁሉን ማፍረስም እንዲሁ። የሚሻለው «ስለ ፍጥነቱ ነው?» ብሎ ማረጋገጥ፣ ችግሩን በራስ ቃል መናገር፣ ከዚያ ማስተካከል ነው። ፈታኙም ሊሳሳት ስለሚችል፣ ሐሳቡ ካላሳመነ በትንሽ ምሳሌ አብሮ መፈተሽ ነውር የለውም።

ኮዱ ሲስተካከል ፈታኙ መስፈርቱን ይለውጣል፤ «አሁን የሚጣለው በ60 ሰከንድ ውስጥ የተደገመው ብቻ ይሁን።» ቁጥሩን ብቻ ማስታወስ ከእንግዲህ አይበቃም፤ ሰዓቱም መያዝ አለበት።

```python
last = {}

def accept(order_id, t):
    if order_id in last and t - last[order_id] < 60:
        return False
    last[order_id] = t
    return True
```

ከመጻፍ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ያስፈልጋል፤ 60ው ሰከንድ የሚቆጠረው ከየትኛው ትእዛዝ ነው? አንድ ቁጥር በ0፣ በ40 እና በ80ኛው ሰከንድ ደረሰ እንበል። ተቀባይነት ካገኘው ከተቆጠረ፣ ከላይ ያለው ኮድ እንደሚያደርገው፣ የ80ው ያልፋል። መጨረሻ ከደረሰው ከተቆጠረ ደግሞ ልዩነቱ 40 ብቻ ስለሆነ ይጣላል። ሳትጠይቅ የጻፈች አመልካች ከሁለቱ አንዱን ሳታውቀው መርጣለች። የጠየቀችው ግን መልሱን በሦስቱ ቁጥሮች ወደ መፈተሻ ትለውጠዋለች፤ የ59ኛውንና የ60ኛውን ሰከንድ ጨምራ፣ የቀድሞዎቹ መፈተሻዎችም እንዳልተበላሹ አይታ ትቀጥላለች።

የዚህ ፈተና ድክመት ከፈታኙ ይመጣል። አንዱ ብዙ ፍንጭ ሰጥቶ ሌላው ቢቆጥብ፣ ሁለት አመልካቾችን ማወዳደር አይቻልም። ስለዚህ ፍንጮቹና የመስፈርት ለውጡ አስቀድመው ተጽፈው ለሁሉም በአንድ ቅደም ተከተል ሊቀርቡ ይገባል።

ለፈተናው የምትዘጋጁ ደግሞ ብቻችሁን ጥያቄ ከመፍታት በተጨማሪ ጓደኛ አስቀምጡ፤ መሃል ላይም መስፈርቱን እንዲለውጥባችሁ ንገሩት። ለውጡ ሲመጣ መጀመሪያ ጠይቁ፣ ቀጥሎ መፈተሻውን፣ በመጨረሻም ኮዱን ጻፉ።