ባትሪው ነው ወይስ ዲናሞው?

ጠዋት ቁልፍ አዞራችሁ መኪናው «ጠቅ» ብቻ ብሎ ዝም ካለ፣ በአካባቢው ያለው ሰው ሁሉ ፍርዱን ይሰጣል፦ «ባትሪ ነው፣ ቀይረው»። አንዳንዴ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ባትሪው ጥፋተኛ ሳይሆን ተጎጂ ነው። አዲሱም ባትሪ ከጥቂት ወር በኋላ እንደ አሮጌው ይደክማል፤ ባለቤቱም «የዘንድሮ ባትሪ አይረባም» ብሎ ሌላ ይገዛል። ነገሩን ለመለየት ከመኪናው ኤሌክትሪክ ማን ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይበቃል። ሠራተኞቹ ሦስት ናቸው፦ ባትሪ፣ ሞተሪኖ እና ዲናሞ፣ ማለትም አልተርኔተር።

መንገድ ላይ በብዛት እንደምናያቸው ዓይነት 1300 ሲሲ የቤንዚን ሞተር ያላትን መኪና እንውሰድ። የቤንዚን ሞተር በራሱ አይነሳም። ፒስተኑ መንቀሳቀስ፣ አየርና ቤንዚን መሳብና ማመቅ አለበት፤ ካንዴላው የሚያቀጣጥለው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሌላ ነገር ሊያዞረው ይገባል። ይህ የሞተሪኖ ሥራ ነው። ቁልፉን ስታዞሩ በቁልፉ በኩል የሚያልፈው ትንሽ ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። እሱም ሞተሪኖው ላይ የተገጠመውን ሶሌኖይድ ያነቃዋል። ሶሌኖይዱ ሁለት ነገር አከታትሎ ያደርጋል፦ ትንሿን ጥርስ ወደፊት ገፍቶ ከቮላኖው ጥርስ ጋር ያነክሳታል፤ ቀጥሎም ከባትሪው በወፍራሙ ገመድ የመጣውን ከባድ ኤሌክትሪክ ይለቃል። ያን «ጠቅ» የሚል ድምፅ የሚያሰማው እሱ ነው። የሞተሪኖዋ ጥርስ ትንሽ፣ ቮላኖው ደግሞ ትልቅ ስለሆነ፣ ሞተሪኖው ከአሥር ጊዜ በላይ ሲዞር ሞተሩ አንዴ ይዞራል። ያች ትንሽ ማሽን ሙሉ ሞተር ማንቀሳቀስ የቻለችው በዚህ ነው።

ይህን መሣሪያ ለመኪና ያበቃው አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ ነው። ሥራው በ1912 በወጣው ካዲላክ ላይ ተገጠመ። ከዚያ በፊት ሞተር የሚነሳው ከፊት በሚገባ ብረት በእጅ በማዞር ነበር፤ ብረቱ ተመልሶ ሲመታም እጅ ይሰብር ነበር። ኬተሪንግ ቀደም ሲል በካሽ ሬጅስተር ፋብሪካ ሲሠራ የሬጅስተሩን መሳቢያ የሚከፍት ሞተር ሠርቶ ነበር። እዚያ ያየው ነገር ቀላል ነው፤ ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚሠራ ሞተር፣ ካልጋለ፣ ከመጠኑ በላይ ሊጫን ይችላል። የዛሬው ሞተሪኖም በዚሁ ሐሳብ ነው የሚሠራው። አንድ ኪሎዋት ያህል ጉልበት ያወጣል፤ ግን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ። ቁልፉን ለግማሽ ደቂቃ ይዞ «አንዴ ልሞክር» የሚል ሰው ሞተሪኖውን እየቀቀለ ነው። አሥር ሰከንድ ሞክሮ ካልተነሳ ማቆም፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ማሳረፍ ይሻላል።

እዚህ ላይ ባትሪው ይመጣል። እንዲህ ዓይነት ሞተሪኖ ሲያዞር 150 አምፔር ያህል ይስባል፤ በመጀመሪያዋ ቅጽበትማ ከዚህም ይበልጣል። የፊት መብራቶችና የኋላ መብራቶች ተደምረው የሚወስዱት 10 አምፔር ያህል ብቻ ነው። ባትሪው ስድስት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከሁለት ቮልት ጥቂት ፈቀቅ ስለሚል ድምሩ 12.6 ቮልት ገደማ ይሆናል። በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ብዙና ስስ የሆኑት ይህን ያህል ኤሌክትሪክ በአንድ ጊዜ እንዲለቁ ተብሎ ነው።

የሚገርመው ግን ሒሳቡ ነው። ጤነኛ መኪና በሁለት ሰከንድ ይነሳል። በነዚያ ሁለት ሰከንዶች ከባትሪው የወጣው፣ ሞተር ጠፍቶ መብራት ለ30 ሰከንድ ያህል ቢበራ ከሚወስደው አይበልጥም። ማስነሳት ባትሪውን ለቅጽበት ያስጨንቀዋል እንጂ አያራቁተውም። የሚያራቁተው ሌሊቱን የተረሳ መብራት ነው፤ ወይም ዲናሞው ሳይሞላለት መኪናው ሲውል ነው።

ሞተሩ ከተነሳ በኋላ የባትሪው ዋና ሥራ አለቀ ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲያ ካንዴላውንም፣ የቤንዚን ፓምፑንም፣ መብራቱንም፣ ሬዲዮውንም የሚመግበው ዲናሞው ነው። ባትሪው አበዳሪ ነው፤ ዲናሞው ደግሞ ብድሩን ከፋይና የቤቱን ወጪ ቻይ። ዲናሞው በቺንጊያ ከሞተሩ ጋር የተያያዘ ነው፤ ፑሌጃው ትንሽ ስለሆነም ከሞተሩ ሁለት ሦስት እጥፍ ፈጥኖ ይዞራል። በመሀሉ የሚሽከረከረው ጥቅልል ሽቦ በሁለት ትንንሽ ካርቦኖች በኩል ጥቂት ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ማግኔት ይሆናል፤ በዙሪያው ባሉት ቋሚ ሽቦዎች ውስጥም ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ያ ኤሌክትሪክ ወዲያና ወዲህ የሚል ስለሆነ ዳዮዶች ወደ አንድ አቅጣጫ ያስተካክሉታል። ቮልቱ እንዳይበዛ የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ደግሞ ለማግኔቱ የሚሰጠውን ጥቂት ኤሌክትሪክ እየጨመረ እየቀነሰ ውጤቱን 14 ቮልት አካባቢ ያቆየዋል። ከባትሪው 12.6 የሚበልጠው ሆን ተብሎ ነው፤ ውኃ ወደ ዝቅታ እንጂ ወደ ላይ አይፈስም፤ ኤሌክትሪክም ወደ ባትሪው እንዲገባ ከባትሪው ከፍ ያለ ቮልት ያስፈልገዋል።

የዲናሞው ድካም የሚታየው ትራፊክ ሲጨናነቅ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ ሲዞር ዲናሞው ከሙሉ አቅሙ ከፊሉን ብቻ ያወጣል። ማታ፣ በዝናብ፣ መብራት በርቶ፣ የዝናብ መጥረጊያ እየሠራ፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያና ፋን ተጨምረው ሰልፍ ላይ ከቆማችሁ፣ ፍጆታው ከሚመረተው ሊበልጥ ይችላል። ልዩነቱን የሚሸፍነው ባትሪው ነው። ቀኑን ሙሉ አጭር አጭር መንገድ ብቻ የምትሄድ መኪና ባትሪዋ ቀስ በቀስ የሚጎድለው በዚህ ምክንያት ነው። የደከመ ባትሪ በግማሽ ሰዓት ጉዞም አይሞላም፤ እየሞላ በሄደ ቁጥር የሚቀበለው እየቀነሰ ስለሚሄድ ሰዓታት ይፈልጋል። ፍጹም የሞተ ባትሪን በዲናሞ ለመሙላት መሞከር ዲናሞውን ማጋል ነው፤ ቻርጀር ላይ ማሳደር ይሻላል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ቴስተር የሚባለው ርካሽ መለኪያ ሦስት ቁጥር ይሰጠናል። መጀመሪያ መኪናው አድሮ፣ ምንም ሳይነካ፣ በባትሪው ሁለት ራሶች ላይ ለኩ፤ 12.6 ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ ገደማ፣ ከ12 በታች ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ሌላ ሰው ቁልፍ ሲያዞር የሚነበበው ነው፤ ሙሉ ሆኖ የተገኘ ባትሪ ሲያዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ወይ ባትሪው አርጅቷል፣ ወይ ሞተሪኖው ከልክ በላይ እየሳበ ነው። ሦስተኛው ሞተር ተነስቶ፣ መብራት በርቶ፣ ቤንዚን ትንሽ ተሰጥቶ ነው፤ ከ13.8 እስከ 14.5 ከሆነ ዲናሞው ሥራ ላይ ነው። ኮምፒውተር ዲናሞውን የሚያዝላቸው አዳዲስ መኪኖች ግን ነዳጅ ለመቆጠብ ቮልቱን ሆን ብለው ዝቅ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ ለእነሱ አንድ ንባብ ብቻ አይበቃም።

እንበል ባለመኪናችን ከሦስት ወር በፊት አዲስ ባትሪ ገዝቷል፤ ዛሬ ጠዋት መኪናው አልነሳም አለ። ለካ፤ 11.8። ባትሪውን ቻርጀር ላይ አሳደረው፤ በማግስቱ 12.6 አለ። ሲያዞር 10.3 ላይ ቆመ፤ ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። እስካሁን ባትሪውም ሞተሪኖውም ነፃ ናቸው። ሞተሩ እየሠራ መጀመሪያ 13.9 አነበበ። ሩብ ሰዓት ከነዳ በኋላ ግን 12.3፣ ጥቂት ቆይቶ 12.1። መኪናው እየሄደ ከባትሪው እየበላ ነበር ማለት ነው። «ያ ቀይ የባትሪ ምልክት ዳሽቦርዱ ላይ በርቶ ነበር?» ብሎ ሲጠይቀው ባለቤቱ «ጎርባጣ ላይ ብልጭ ይል ነበር፣ ንቄው ነው» አለ። ያ ምልክት የባትሪ ሥዕል ይኑረው እንጂ የሚናገረው ስለ ዲናሞው ነው፤ ቻርጅ እየሆነ አይደለም ማለት ነው። መካኒኩ ዲናሞውን ፈታ። ካርቦኖቹ አልቀው ከሚዞረው ቀለበት ጋር አንዴ እየነኩ አንዴ እየለቀቁ ነበር። የካርቦን ዋጋና የአዲስ ባትሪ ዋጋ አይወዳደሩም።

አንዱ ደግሞ ሰውን ሁሉ የሚያሳስተው ጉዳይ ይህ ነው፦ መብራቱ ደማቅ ነው፣ ሬዲዮው ይሠራል፣ ሞተሪኖው ግን አይዞርም። «ባትሪው ሙሉ ነው፣ ሞተሪኖው ሞቷል» ይባላል። ከመፍታታችሁ በፊት የባትሪውን ራሶች እዩ። በነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት የተሸፈነ ማሰሪያ 0.02 ኦም ብቻ ቢያግድ፣ ለመብራቱ 10 አምፔር የሚጎድለው 0.2 ቮልት ነው፤ ማንም አያስተውለውም። ለሞተሪኖው 150 አምፔር ግን 3 ቮልት ይጎድላል፤ በዚያ ደግሞ አይነሳም። ቁልፍ ሲዞር የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ራስ፣ ሌላውን በማሰሪያው ብረት ላይ አድርጉ፤ ከዜሮ ብዙ ካለፈ ችግሩ እዚያው ነው። ፈትቶ፣ በብሩሽ አጽድቶ፣ አጥብቆ ማሰር በቂ ነው።

ድምፁም ራሱ ይናገራል። በፍጥነት «ጠቅጠቅጠቅ» የሚል ከሆነ ሶሌኖይዱ ሊነሳ እየሞከረ ቮልቱ እየወደቀበት ነው፤ ባትሪ ወይም ማሰሪያ ነው። አንድ ጠንካራ «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለና ቮልቱ ካልወረደ ሞተሪኖውን እዩ። ሞተሪኖው ብቻውን «ዚይይ» እያለ ሞተሩ ካልዞረ ትንሿ ጥርስ አልነከሰችም።

አንድ የድሮ ልማድ ግን መቆም አለበት። ዲናሞው ይሠራ እንደሆነ ለማየት ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ማሰሪያ የሚነቅሉ አሉ። በካርቡሬተር ዘመን ጉዳቱ ትንሽ ነበር። ዛሬ ግን ባትሪው የዲናሞውን ድንገተኛ ዝላይ የሚያበርድ ነው፤ እሱ ሲነቀል ቮልቱ ለቅጽበት ወደ ብዙ አሥር ቮልት ሊዘል፣ የሞተሩን ኮምፒውተርና ዳዮዶቹን ሊያቃጥል ይችላል። ቀጣዩ «ባትሪ ነው» የሚል ሰው ሲመጣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሦስቱን ቁጥር ለክቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ ማሰሪያውን ለመንቀል እጁን ከሰደደ ደግሞ አስቁሙት።