ከቧንቧ እስከ ጀሪካን፦ የ12ኛ ክፍል የውሃ ጥናት አነዳደፍ

«የአካባቢያችሁን የውሃ ጥራት አጥኑ» የሚል የጥናት መመሪያ ለ12ኛ ክፍል ተማሪ በጣም ሰፊ ነው። ምን እንደሚለካ ስለማያውቅ ከመጻሕፍት ገልብጦ ይመለሳል። በደንብ የተነደፈ መመሪያ ጥያቄውን ያጠብባል። ውሃ በፈረቃ በሚደርስባቸው የአዲስ አበባ ሰፈሮች ለምሳሌ እንዲህ ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል፦ ከቧንቧ የተቀዳ ውሃ ጀሪካን ውስጥ ሲያድር ቀሪ ክሎሪኑ ምን ያህል ይቀንሳል?

ቀሪ ክሎሪን ማለት ውሃው ከተጣራና ከታከመ በኋላ ዳግም እንዳይበከል የሚጠብቀው ክሎሪን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ውሃው ለተጠቃሚው ሲደርስ ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም በሊትር እንዲኖር ይመክራል። መለኪያውም ቀላል ነው፤ 10 ሚሊሊትር ውሃ ውስጥ የዲፒዲ እንክብል ሲሟሟ ውሃው ሮዝ ይሆናል፣ ቀለሙም ከማነጻጸሪያው ጋር ይተያያል።

ሥራው በስድስት ሳምንት ቢከፈል፣ በመጀመሪያው ሳምንት ተማሪዎቹ ጥያቄያቸውንና ግምታቸውን በአንድ ገጽ ጽፈው ለመምህሩ ያሳያሉ። ሁለተኛው ሳምንት የልምምድ ነው፤ ብዙ መመሪያዎች የሚዘሉት ግን ከሁሉም የሚበልጠው እርከን ይህ ነው። ሁለት ተማሪዎች አንዱ የሌላውን ሳያይ ያንኑ ናሙና ያነባሉ። ንባባቸው ከተራራቀ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ዘግይቶ ማንበቡ ነው፤ ቀለሙ ከቆየ እየደመቀ ውጤቱን ከፍ ያደርጋል። ሌላው ስሕተት ናሙናውን ወደ ትምህርት ቤት ተሸክሞ መምጣት ነው። ክሎሪን በመንገድ ላይ፣ በተለይም በፀሐይ፣ ስለሚቀንስ ውሃው በተቀዳበት ቦታ ወዲያው መለካት አለበት። ሁለቱ ንባቦች ሳይቀራረቡ ቡድኑ ወደ ቀጣዩ እርከን አያልፍም።

በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ውሃው ሲቀዳ፣ ከስድስት ሰዓት በኋላና በማግስቱ ይለካል። መምህሩ የመጀመሪያውን ቀን ሰንጠረዥ ሠርቶ ይሰጣል፤ የሁለተኛውን ተማሪዎቹ ራሳቸው ያዘጋጃሉ። ድጋፉ በዚህ መልክ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በአምስተኛው ሳምንት ግራፉን ሲሠሩ መምህሩ መልስ ሳይሆን ጥያቄ ብቻ ይሰጣቸዋል።

የአንድ ቡድን ውጤት ቧንቧው ላይ 0.4፣ በማግስቱ ጀሪካኑ ውስጥ 0.1 ሆነ እንበል። ተማሪው «ውሃው ተበክሏል» ብሎ ለመደምደም ይቸኩላል፤ ልኬቱ ግን ይህን አያሳይም። የሚያሳየው የውሃው መከላከያ መሳሳቱን ብቻ ነው፤ ባክቴሪያ መኖሩን ለማወቅ ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል። ለምን እንደቀነሰም ገና አልታወቀም። በሳሙና የታጠበ ጀሪካንና ውስጡ ያተላ ጀሪካን ከአንድ ቧንቧ ተሞልተው ጎን ለጎን ቢለኩ ግን የዕቃው ንጽሕና ድርሻ ይታያል።

በስድስተኛው ሳምንት ሪፖርቱ ይቀርባል። ነጥቡ ለየእርከኑ ይከፋፈላል እንጂ በሪፖርቱ ላይ ብቻ አይከመርም። ውሃው የተለካባቸው ቤቶች አስቀድመው ፈቃዳቸው ይጠየቃል፤ በሪፖርቱም በቁጥር እንጂ በስም አይጠሩም። ውጤቱ ግን ለባለቤቶቹ ይነገራቸዋል።