በርበሬ በ26 ፊደል

አዲስ አበባ ውስጥ በርበሬ አስፈጭታና አሽጋ የምትሸጥ አንዲት ወዳጄ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ላሉ የሐበሻ ሱቆች ኢሜይል ላከች። ከባለሱቆቹ አንዱንም አታውቅም። የኢሜይሉ ርዕስ «ታላቅ የምሥራች!!! በጥራቱ አቻ የሌለው የሀገር ቤት በርበሬ ለሱቅዎ ለማቅረብ ተዘጋጅተናል» ይላል። አንድም መልስ አልመጣላትም። በርበሬው ግን ጥሩ ነው፤ እኔም ቤት አለ።

ባለሱቁ ያን ርዕስ ያየው ስልኩ ላይ ነው። ስልክ መጀመሪያ የላኪውን ስም፣ ቀጥሎ ርዕሱን፣ ከሥሩ ደግሞ የደብዳቤውን መግቢያ ያሳያል። እንደ ስልኩ ዓይነትና እንደ ፊደሉ መጠን ቢለያይም፣ ከርዕሱ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ፊደል ገደማ ነው። የወዳጄን ርዕስ ቆጠርኩት። «በርበሬ» የምትለው ቃል የምትጀምረው 34 ፊደልና ክፍት ቦታ ካለፈ በኋላ ነው። ብዙ ባለሱቆች ያዩት «ታላቅ የምሥራች!!! በጥራቱ አቻ የሌለው የሀገር...» የሚለውን ብቻ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ርዕስ ደግሞ የሎተሪ አጭበርባሪም ይልካል።

ይህ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው የተለየ ችግር ነው። ቋንቋችን ገላጩን አስቀድሞ ስሙን ያስከትላል፣ ግሱን ደግሞ መጨረሻ ላይ ያሳርፋል። በደብዳቤ ውስጥ ያምራል፤ በርዕስ ላይ ግን ስልኩ የሚቆርጠው ዋናውን ነገር ይሆናል። ስለዚህ ዕቃውን ከፊት ማምጣት፣ ግሱንም መተው ይሻላል።

አብረን ተቀመጥንና ባለሱቁን የሚያሳስበው ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። በርበሬ የሚያመጣለት ሰው አለው፤ «የሀገር ቤት» የማይል ነጋዴም የለም። ስጋቱ አፍላቶክሲን ነው፤ በደንብ ባልደረቀ ወይም እርጥበት ባገኘው በርበሬ ላይ የሚበቅል ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በምግብ ላይ የሚታገሠው መጠን ከቢሊዮን 20 እጅ ነው። ከዚያ ያለፈ ጭነት ወደብ ላይ ከታገደ ገንዘቡ እዚያው ቀረ ማለት ነው። ወዳጄ የላቦራቶሪ ወረቀት ነበራት፤ የጠቀሰችው ግን በደብዳቤው ሦስተኛ አንቀጽ ላይ ነበር።

አዲሱ ርዕስ ይህ ሆነ፦ «በርበሬ ከአፍላቶክሲን ምርመራ ወረቀት ጋር»። ከነክፍት ቦታው 26 ፊደል ነው። ቃለ አጋኖ የለውም፤ «ጥራት» የሚል ቃልም የለበትም። የደብዳቤው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር የምርመራውን ውጤትና የተመረመረበትን ወር ይናገራል፤ ርዕሱ የጠራውን ሰው ሌላ ወሬ እንዳያስጠብቀው። ወረቀቱን ራሱን አላያያዘችውም። ከማያውቁት ሰው የመጣ አባሪ ስለሚያስፈራ «ከፈለጉ ወዲያው እልክልዎታለሁ» ብላ ተወችው።

አንድ ዘመዷ ግን ሌላ ምክር ነበረው። ርዕሱ ፊት Re: ብትጨምር ሰውየው ቀድሞ የተጻጻፉ መስሎት ይከፍተዋል አላት። አጥብቄ ተቃወምኩ። ይከፍተው ይሆናል፤ ነገር ግን በሁለተኛው ሰከንድ እንደተዋሸ ያውቃል፤ ከዋሸው ሰው ደግሞ የሚበላ ነገር አይገዛም። ከዚህም በላይ አሜሪካ በ2003 ያወጣችው የንግድ ኢሜይል ሕግ አሳሳች ርዕስን ይከለክላል፤ ከነጋዴ ወደ ነጋዴ የሚላከውንም ይመለከታል። «አንድ ጥያቄ ነበረኝ» የሚለው ርዕስም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ተከፍቶ ማስታወቂያ ሆኖ ሲገኝ ባለሱቁ «ስፓም» የሚለውን ይጫናል፤ ያ ሲደጋገም ቀጣዮቹ ደብዳቤዎች ወደ ኢንቦክስ ሳይደርሱ ይቀራሉ። ጂሜይል ከ2024 ጀምሮ በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ የሚልኩት ላይ ገደብ አስቀምጧል፤ ቅሬታው ከ1,000 ኢሜይል 3 መድረስ የለበትም። እሷ የምትልከው አሥራ ሁለት ብቻ ቢሆንም፣ አድራሻዋ ስም የሚያወጣው በዚያው መንገድ ነው።

ስንት ሰው ከፈተው የሚለውን ቆጠራም እንድትተወው ነገርኳት። ቆጠራው የሚሠራው በደብዳቤው ውስጥ በተደበቀች ትንሽ ምስል ነው። አፕል ግን ከ2021 ጀምሮ፣ የኢሜይል መተግበሪያውን ግላዊነት መጠበቂያ ላበሩ ሰዎች፣ ባለቤቱ ባይከፍተውም ምስሏን ራሱ ቀድሞ ያወርዳል። ያልተነበበው እንደተነበበ ይቆጠራል። የሚታመነው መልስ ነው።

ለማያውቁት ሰው የምትጽፉ ሁሉ፣ ከመላካችሁ በፊት ለራሳችሁ ላኩት፤ ስልካችሁ ላይ ሳትከፍቱት ርዕሱን አንብቡ። ዕቃው ካልታያችሁ ለባለሱቁም አይታየውም።

ወዳጄ አዲሱን ርዕስ ቀድሞ ላልጻፈችላቸው አሥራ ሁለት ሱቆች፣ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ላከች። ከደብዳቤው ግርጌ የፖስታ አድራሻዋንና «እንዳልጽፍልዎ ከፈለጉ ይንገሩኝ» የሚል መስመር አኖረች፤ ሕጉ ሁለቱንም ይጠይቃል። ሦስት መልስ መጣ። አንዱ የኪሎውን ዋጋ ጠየቀ። አንዱ እስከ ፋሲካ ዕቃ እንዳለውና ከዚያ በኋላ እንድትጽፍለት ነገራት። ሦስተኛው እንዳትልክለት ጠየቃት፤ በዚያው ቀን ከዝርዝሯ አወጣችው።