አንድ ፓኬት ኦ.አር.ኤስ በግማሽ ሊትር ውሃ ቢበጠበጥ ምን ይሆናል?

ሾኔ ላይ ልጅዎ ተቅማጥ ይዞት አንድ ፓኬት ኦ.አር.ኤስ ገዙ እንበል። እቤት ያለው የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ብቻ ነው። «ቢወፍር ይሻላል» ብለው በዚያ በጠበጡት።

ውሃ በሕዋስ ሽፋን በኩል የሚያልፈው የሟሟ ነገር ወደበዛበት ወገን ነው። ይህ ኦስሞሲስ ይባላል። የደም ክምችት ወደ 290 ሚሊኦስሞል በሊትር ነው። አንድ ፓኬት በአንድ ሊትር ሲበጠበጥ 245 ይሆናል። ከደም ስለሚቀጥን ውሃው ወደ ሰውነት ይገባል። በግማሽ ሊትር ግን 245 በ2 ተባዝቶ 490 ይሆናል። አሁን ውሃው ከሰውነት ወደ አንጀት ይሳባል፤ ተቅማጡ ይብሳል፣ በደም ውስጥ ያለው ጨውም ሊጨምር ይችላል።

ታዲያ ውሃ ብቻ ለምን አይበቃም?

በተቅማጥ የሚወጣው ውሃ ብቻ ሳይሆን ጨውም ነው። ጨውና ስኳር ሽፋኑን በራሳቸው በቀላሉ አያልፉም። በአንጀት ሕዋስ ላይ ያለ ተሸካሚ ፕሮቲን ሁለቱን አንድ ላይ ያስገባቸዋል፤ በሕዋሱ ሌላ ወገን ያለ ፓምፕ ደግሞ ጉልበት አውጥቶ ጨውን ወደ ደም ይገፋል። ውሃው ይከተላል። ተሸካሚው በአብዛኛው ተቅማጥ ጊዜም ይሠራል።

ምን ያድርጉ?

በፓኬቱ ላይ የተጻፈውን የውሃ መጠን ያንብቡ። አንድ ሊትር ከሆነ ሃይላንዱን ሁለት ጊዜ ሞልተው ይለኩ። ስኳር አይጨምሩ። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ይድፉ። ልጁ ከፈዘዘ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ሰገራው ደም ካለው ወዲያው ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።